ባንኩ አልተጫወተብሽም፤ የወንድምሽን ጳጉሜ ግን እንየው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔና ወንድሜ ጣና ላይ እንግዳ የሚያመላልሱ ጀልባዎች አሉን፤ እሱም የራሱ፣ እኔም የራሴ። ሁለታችንም ለሞተር መግዣ 600,000 ብር ተበደርን። የሁለታችንም ወለድ በዓመት 18 በመቶ ነው። ወለዱን በየወሩ እየከፈልን ዋናውን በዓመቱ መጨረሻ እንመልሳለን። እኔ ከባንክ የወሰድኩት ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ማለት ነው። እሱ ደግሞ አባል ከሆነበት የቁጠባና ብድር ማህበር ሐምሌ 1 ቀን 2017 ወሰደ። እሱ በየወሩ ድፍን 9,000 ብር ይከፍላል። እኔ ግን የጃንዋሪ 9,172.60፣ የፌብሩዋሪ 8,284.93፣ የማርች ደግሞ እንደገና 9,172.60 ተቆረጠብኝ። ወንድሜ ‹ባንኩ እየተጫወተብሽ ነው፤ 108,000 ለ12 ሲካፈል 9,000 ነው› እያለ ይስቅብኛል። እሱ ከድፍኑ ውጪ የከፈለው የጳጉሜን 1,500 ብር ብቻ ነው። እውነት ባንኩ እያጭበረበረኝ ነው? ብድሬን ወደ ማህበሩ ላዙረው? የጀልባዋ ባለቤት፣ ከባሕር ዳር።»

እህቴ፣ ባንኩ አልተጫወተብሽም። ሦስቱንም ቁጥር በካልኩሌተር መታኋቸው፤ እስከ ሳንቲሟ ልክ ናቸው። ለዚህ ብለሽ ብድርሽን አታዙሪ። ይልቅ ቀልቤን የሳበችው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት የጳጉሜ 1,500 ብር ናት። ወንድምሽ እየሳቀ ያለው በገዛ ኪሱ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ከአንቺው ልጀምር። 18 በመቶ የዓመት ዋጋ ነው። የ600,000 ብር 18 በመቶ 108,000 ብር ይሆናል። እዚህ ድረስ ባንኩም ማህበሩም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚመጣው ይህን የዓመት ወለድ በወርና በቀን ሲሸነሽኑት ነው። ለመሸንሸን ደግሞ ሁለት ነገር መወሰን አለበት። አንደኛ፣ በዚህ ወር ስንት ቀን ቆጠርን? ሁለተኛ፣ ዓመቱን ስንት ቀን አልነው? የዓመቱን ወለድ በመጀመሪያው ታባዢዋለሽ፣ በሁለተኛው ታካፍይዋለሽ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ያንቺ ባንክ የሚሠራው ባንክ ቤት «አክቹዋል 365» በሚሉት ነው። ወሩ 31 ቀን ካለው 31 ይቆጥራል፣ 28 ካለው 28 ይቆጥራል፣ ዓመቱን ግን ሁልጊዜ 365 ይለዋል። 108,000 ለ365 ሲካፈል በቀን 295.89 ብር ይመጣል። ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው 9,172.60 ሆነ። ፌብሩዋሪ ዘንድሮ 28 ቀን ብቻ ስለሆነ 8,284.93 ሆነ። ማርች እንደገና 31 ነው፣ ስለዚህ ወደ 9,172.60 ተመለሰ። ኤፕሪል 30 ቀን ስለሆነ 8,876.71 ይቆረጥብሻል። ያኔ ደግሞ «ይሄ ሌላ ቁጥር ከየት መጣ?» ብለሽ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ነገርኩሽ።

እኛን የሚያደናግረን የባንኩ ሲስተም በፈረንጅ ወር መሄዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። አእምሯችን ከልጅነት ጀምሮ ወርን እኩል አድርጎ ለምዷል። ስለዚህ የወር ክፍያ ከፍ ዝቅ ሲል ወዲያው ሌብነት ይሸተናል። የእነሱ ወር ግን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ወለዱ ተከትሎት ነው የሚሄደው።

የወንድምሽ ማህበር የሚሠራበት «ሠላሳ በ360» ይባላል። ወር ሁሉ 30 ቀን ነው፣ ዓመቱም 360 ቀን ነው ብሎ ይነሳል። 108,000 ለ360 ሲካፈል በቀን ድፍን 300 ብር ነው። በ30 ስታባዢው 9,000። ይህ ዘዴ የማህበሩ ፈጠራ አይደለም። ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ወለድ በእጅ ሲሰላ 360 የተመረጠው ለ12ም ለ30ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ዛሬም የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሸጡት ቦንድ ወለዱ በአብዛኛው የሚሰላው በዚሁ ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ ብድር ደግሞ እንዳንቺው በ365 ነው የሚሄደው። ሁለቱም የታወቁ፣ የተከበሩ ዘዴዎች ናቸው። አንዱ የሌባ፣ ሌላው የሐቀኛ አይደለም።

አሁን ወንድምሽን ዝም የሚያሰኝ ቁጥር ልስጥሽ። የሦስት ወር ክፍያሽን ደምሪው፤ 26,630.13 ይመጣል። እሱ በማንኛውም ሦስት ወር 27,000 ነው የሚከፍለው። ስለዚህ እስካሁን ያንቺ በ369.87 ብር ያንሳል። ግን ቶሎ አትደሰቺ። ከማርች በኋላ 31 ቀን ያላቸው ወሮች ይበዛሉ፤ ሜይ፣ ጁላይ፣ ኦገስት፣ ኦክቶበር፣ ዲሴምበር። እነሱ ሲመጡ ልዩነቱ እየተመለሰ ይሄድና ጃንዋሪ 1 ላይ ዓመቱ ሲሞላ የከፈልሽው 107,999.97 ይሆናል። ሦስቱ ሳንቲም የማጠጋጋት ነገር ናት። በተግባር 108,000 ነው። ሠላሳ በ360ም በንጹሑ ከሄደ 12 ጊዜ 9,000፣ ማለትም 108,000 ነው።

ስለዚህ ሙሉ ዓመት ላይ፣ ወለዱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ ሁለቱ ዘዴዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሚለያዩት መንገድ ላይ ነው። የሠላሳ በ360 የአንድ ቀን ዋጋ ይወደዳል፤ 300 ነዋ፣ ያንቺ 295.89። በምትኩ የሚቆጥረው ቀን ያንሳል። ውድ ቀን ጥቂት ጊዜ፣ ርካሽ ቀን ብዙ ጊዜ። መጨረሻ ላይ ይቻቻላሉ።

ልዩነቱ ኪስ ውስጥ የሚገባው ብድሩ ዓመት ሳይሞላው ሲዘጋ ነው። ይህ ለእናንተ ሥራ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክረምት ላይ እንግዳ ይጠፋል፣ ጀልባ ወደ ጥገና ይገባል፣ ገንዘብ የሚመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። እንበልና ያንኑ 600,000 ብር ከጁላይ 1 እስከ ኦክቶበር 1 ብቻ ተበደርሽ። ሁለት ባለ 31 ወሮችና አንድ ባለ 30 ወር አሉ፤ 92 ቀን። በአክቹዋል 365 ወለዱ 27,221.92 ይሆናል። በሠላሳ በ360 ግን ሦስት ወር ሁልጊዜ ሦስት ወር ነው፤ 27,000። እዚህ ላይ ሠላሳ በ360 በ221.92 ብር ይሻልሻል። አሁን ደግሞ ገልብጪው። ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ሜይ 1 ተበደርሽ እንበል። 28፣ 31፣ 30፤ በድምሩ 89 ቀን። በአክቹዋል 26,334.25፣ በሠላሳ በ360 አሁንም 27,000። አሁን የተሻለሽ ያንቺ ባንክ ነው፣ በ665.75 ብር። ፌብሩዋሪን የሚያቋርጥ አጭር ብድር በአክቹዋል ይረክሳል፤ የክረምቱን ወሮች የሚያቋርጥ ደግሞ በትንሹ ይወደዳል።

ገንዘቡን ልብ በይው። በ600,000 ብር ላይ የምናወራው መቶዎችን ነው፤ ሺዎችን አይደለም። አንድ የዘጌ ደርሶ መልስ የቤንዚን ሒሳብ እንኳ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ብድርሽን አታዙሪ ያልኩሽ። ማዞር የራሱ ወጪ አለው። አዲስ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ የመያዣ ግምት አለ፣ የውል ምዝገባ አለ። 300 ብር ለማትረፍ ብለሽ ብዙ ሺህ ብር ትከፍያለሽ።

አሁን ወደ ጳጉሜ።

ሠላሳ በ360 ለእኛ የዘመን አቆጣጠር የተሰፋ ይመስላል። ፈረንጆቹ ይህን ዘዴ ለመጠቀም ማስተካከያ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። 31ኛውን ቀን እንደ 30ኛው ይቆጥሩታል። ከፌብሩዋሪ 28 እስከ ማርች 1 በእውነት አንድ ቀን ሆኖ ሳለ በብዙው አሠራር 3 ቀን ይሉታል፤ ፌብሩዋሪንም 30 ቀን ማድረስ አለባቸውና። እኛ ይህ ሁሉ ጣጣ የለብንም። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወሩ ሁሉ ያለ ማስተካከያ 30 ነው። 12 ጊዜ 30፣ 360። እስቲ ይህን የመሰለ ምቹ ካላንደር ያለው ማን ነው? ችግሩ ከነሐሴ 30 በኋላ ገና አምስት ቀን መቅረቱ ነው።

በንጹሕ ሠላሳ በ360 ጳጉሜ አትቆጠርም። ደመወዝተኛ ይህን በደንብ ያውቃታል፤ የነሐሴ ደመወዙን ይቀበላል፣ ጳጉሜን በዚያው ይገፋል፣ መስከረም ይጠብቃል። ወለዱም እንዲሁ ነው መሆን ያለበት። የዓመቱን 108,000 ብር 360 ቦታ ስትከፋፍይ ለጳጉሜ ምንም አላስቀረሽም። ሙሉው ወለድ በ12ቱ ወር ውስጥ አልቋል።

አንድ ድፎ ዳቦ አስቢ። 360 ቁራሽ ካደረግሽው ቁራሹ ወፈር ይላል፤ 365 ካደረግሽው ቀጠን ይላል። ሁለቱም አንድ ዳቦ ነው። 360 ቦታ ቆርሰሽ ስታበቂ ግን 365 ቁራሽ ላሳድል ካልሽ፣ አምስቱ የሚመጡት ከሌላ ዳቦ ላይ ነው።

የወንድምሽ ማህበር ያደረገው ይህንኑ ነው። 1,500 ለ5 ቀን ስታካፍይ 300 ይመጣል። የጳጉሜን ቀን ያስከፈሉት በ360 በተካፈለው ውድ ዋጋ ነው። ወሮቹን በ30 እየቆጠሩ ዓመቱን በ360 አካፈሉ፤ ጳጉሜ ስትመጣ ደግሞ «ጳጉሜም ቀን ናት» ብለው በላዩ ጨመሩባት። ከላይ የሚባዛው ቀን 365 ሆነ፤ ከታች የሚያካፍለው ግን 360 እንደሆነ ቀረ። ዓመቱ ሲዘጋ ወንድምሽ የሚከፍለው 109,500 ብር ነው። ይህን ለ600,000 አካፍይው፤ 18.25 በመቶ። ስሙ 18 ቢሆንም የሚከፍለው 18 ከሩብ ነው።

ይህ ቅልቅል በባንክ ዓለምም አለ። «አክቹዋል 360» ይባላል። ቀኑን በትክክል ይቆጥራል፣ ዓመቱን ግን 360 ይለዋል። የዶላርና የዩሮ አጫጭር ብድሮች በዚህ ነው የሚሄዱት። እነሱ ግን ውሉ ላይ በግልጽ ይጽፉታል፤ ተበዳሪውም 18 ሲባል 18.25 መሆኑን አውቆ ይገባበታል። ስለዚህ ቅልቅሉ በራሱ ወንጀል አይደለም። ሳይነገር ሲቀር ነው የሚያናድደው። የማህበሩንም ሰዎች ሌቦች ለማለት አልቸኩልም። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ወይም የሒሳብ ሠራተኛው ከበፊቱ ሰው የወረሰውን ኤክሴል ዝም ብሎ ስለሚያስኬድ ነው። አንድ ሰው የሆነ ጊዜ ላይ «የጳጉሜ» የምትል ዓምድ ጨመረ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቃትም።

ማህበሩ «ጳጉሜ እኮ እውነተኛ ቀን ናት፣ ገንዘባችን እጅህ ላይ ነበር» ቢል ክርክሩ ሞኝ ክርክር አይደለም። ግን እንደዚያ ካሉ ዓመቱን ሙሉ በ365 ማካፈል አለባቸው። ያኔ የእያንዳንዱ ወር ክፍያ 9,000 መሆኑ ይቀርና 8,876.71 ይሆናል። ጳጉሜ ደግሞ 1,479.45 ታስከፍላለች። 12ቱን ወርና ጳጉሜን ስትደምሪ በሳንቲም ልዩነት 108,000 ላይ ታርፊያለሽ። ምርጫው የእነሱ ነው። ወይ 9,000 እና ጳጉሜ በነጻ፣ ወይ 8,876.71 እና ጳጉሜ በሒሳብ። 9,000ም ጳጉሜም በአንድ ላይ ግን 18 በመቶ አይደለም።

አንቺም ሆንሽ ወንድምሽ፣ ማንኛውንም የወለድ ደረሰኝ በስልክ ካልኩሌተር የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ዋናውን ብድር በዓመቱ የወለድ መቶኛ አባዢ፣ ያንን በወሩ ትክክለኛ ቀን አባዢ፣ ከዚያ ለተከፈለው ወለድ አካፍይ። የሚወጣው ቁጥር አበዳሪው ከታች ያስቀመጠው ቀን ነው። ያንቺን ጃንዋሪ ውሰጂ፦

108,000 × 31 ÷ 9,172.60 = 365

ቁልጭ ያለ 365። ፌብሩዋሪንም በ28 ሞክሪው፤ ያው ይመጣል። ጃንዋሪ ላይ 9,300 ቆርጠውብሽ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው 360 ነበር፤ ያኔ «አክቹዋል 360 ላይ ነኝ ማለት ነው» ብለሽ ውልሽን ትከፍቺ ነበር። 9,000 ተቆርጦ ቢሆን ደግሞ 372 የሚባል የማንም ያልሆነ ቁጥር ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስታዪ ቀኑን 31 ማለቱን ትተሽ በ30 ድገሚው። 360 ከመጣ ሠላሳ በ360 ነው። ፈተናውን ባለ 31 ቀን ወር ላይ ማድረግ ይሻላል። ባለ 30 ወር ላይ ሠላሳ በ360ም አክቹዋል 360ም እኩል 9,000 ስለሚሰጡ አትለያቸውም። ለዚህም ነው የወንድምሽ ስህተት ለወራት ያልታየው። በእኛ ካላንደር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ብልሃቱ የሚጋለጠው በጳጉሜ ብቻ ነው።

ፈተናው የሚሠራው ዋናው ብድር ወሩን ሙሉ ሳይነካ ከቆየ ነው። በወሩ መሃል ከዋናው ላይ የከፈልሽ ከሆነ ወሩን ለሁለት ከፍለሽ ማስላት አለብሽ። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ጠንቀቅ በይ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን። ብድሩ የወጣበት ቀን ይቆጠራል፣ የተመለሰበት ቀን አይቆጠርም። ከጃንዋሪ 5 እስከ ፌብሩዋሪ 5 ያለው 31 ቀን ነው። 32 ብሎ የቆጠረብሽ ካለ ሁለቱንም ጫፍ ቆጥሯል ማለት ነው፤ ያቺ አንድ ቀን ያንቺ 295.89 ብር ናት።

እስካሁን ስለ መቶ ብሮች ነው ያወራነው። ሺህ ብር የሚያተርፍልሽ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ከቀን አቆጣጠሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጥምቀት ላይ ባሕር ዳር በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል እያልሽ ስታመላልሺ እጅሽ ላይ ጥሩ ገንዘብ ይገባል። እንበልና በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለ ብድር ኖሮብሽ፣ ጥር 13 ቀን፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ 21፣ ከዋናው ላይ 200,000 ብር ከፈልሽ። በአክቹዋል 365 ከዚያ ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ያሉት 11 ቀኖች ወለዳቸው የሚታሰበው በ400,000 ላይ ብቻ ነው። የ200,000 የዓመት ወለድ 36,000 ነው፤ ለ365 አካፍለሽ በ11 ስታባዢው 1,084.93 ብር። ገንዘቡ ጓዳ ውስጥ እስከ ወር መጨረሻ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ትከፍዪ ነበር።

ወንድምሽ በዚያው ቀን ያንኑ ቢያደርግ፣ ማህበሩ በቀን የሚያስብ ከሆነ እሱም ለእያንዳንዱ ቀን ካንቺው ጋር የሚቀራረብ ያተርፋል። ግን ብዙ ማህበር «ወር የጀመረ ወር ይጨርሳል» ይላል። ማለትም ወለዱን የሚያስበው በወሩ መጀመሪያ ባለው ቀሪ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ብትከፍይ እስከሚቀጥለው ወር ድረስ ምንም አይቀንስልሽም። እንደ እናንተ ገንዘቡ በበዓልና በወቅት ለሚመጣ ሰው ከ360ና ከ365 ይልቅ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። አንቺም ብትሆኚ ውልሽን አንድ ጊዜ ተመልከቺው። ዋናውን ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት ወይም የቅድሚያ ማስታወቂያ የሚጠይቅ አንቀጽ ካለ ያቺን 1,084.93 ሊበላት ይችላል። ባንክ ስትከፍይም የብድር ኦፊሰሩ ገንዘቡን በዚያው ቀን ወደ ብድር ሒሳቡ ማስገባቱን አረጋግጪ። ቁጠባ ሒሳብሽ ውስጥ ሁለት ቀን ካደረ ለሁለት ቀን በ600,000 ላይ እየከፈልሽ ነው።

አንዲት ነገር ደግሞ ለወደፊት። አክቹዋል 365 ከታች ያለውን ቁጥር ፈጽሞ አይቀይርም። ፌብሩዋሪ 29 የሚውልበት ዓመት ሲመጣ ከላይ 366 ይቆጥራል፣ ከታች ግን 365 እንዳለ ይቆያል። የሚቀጥለው 2028 በፈረንጅ ነው። ያን ዓመት ሙሉ 600,000 ብር በ18 በመቶ የያዘ ሰው 108,295.89 ይከፍላል። የአንድ ቀን ወለድ ነው፤ ጩኸት የሚያስነሳ አይደለም። ግን ስታዪው አትደንግጪ።

ወንድምሽን በተመለከተ ጊዜው ጠባብ ነው። ብድሩ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ያልቃል። ከዚያ በፊት ውሉን ይዞ ወደ ማህበሩ ይሂድ። ውሉ ላይ መፈለግ ያለበት «በዓመት 18 በመቶ» የምትለዋን ሳይሆን ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ነው። ዓመቱ 360 ቀን ነው ተብሎ፣ ጳጉሜም ለብቻዋ ትታሰባለች ተብሎ ተጽፎ እሱም ፈርሞበት ከሆነ፣ ገንዘቡን ይመልሱልኛል ብሎ አይጠብቅ። ስለ አቆጣጠሩ ምንም የማይል ከሆነ ግን ጠንካራ ጥያቄ አለው። ሳይቆጣ፣ ሦስት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥላቸው፦ 108,000፣ 109,500፣ 1,500። ከዚያ «18 በመቶ ከየትኛው ነው የሚወጣው?» ብሎ ይጠይቃቸው። ወይ 1,500ዋ ከመጨረሻ ክፍያው ላይ ትቀነስለታለች፣ ወይ ያሰሉበትን በጽሑፍ ይሰጡታል። እሱ አባል ነው፤ መልሱ ካላረካው ጉዳዩን ለማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ ይችላል። ደግሞም ይህ የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዚያ ጳጉሜ ብድር የነበረበት አባል ሁሉ ያው ነው የተደረገበት።

ብድሩን የሚያድስ ከሆነ አሁንኑ ያስተካክለው። የ2018 ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ የ2019ኟ ግን 6 ቀን ስለሆነች በዚህ አሠራር 1,800 ብር ትጠይቀዋለች። አዲሱ ውል ላይ እንድትገባለት የሚጠይቃት አንቀጽ ይህቺ ናት፦ «ወለድ የሚታሰበው በወር 30 ቀን፣ በዓመት 360 ቀን ነው፤ ለጳጉሜ ቀናት ተጨማሪ ወለድ አይታሰብም፤ በወሩ መሃል ከዋናው ብድር ላይ ለሚከፈል ገንዘብ ወለዱ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ይቀነሳል።»